የሰርግ ዜማ፣ የቀልድ ቪዲዮና «ፌር ዲሊንግ»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ጅማ ሕግ እማራለሁ። የአእምሯዊ ንብረት ፈተና ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ መጣ። አንድ ዘፋኝ በአካባቢው ሰርግ ላይ ከድሮ ጀምሮ የሚዘፈን ዜማ ወስዶ፣ አዲስ ግጥም ጽፎ፣ ራሱ አቀናብሮ፣ በራሱ ወጪ ስቱዲዮ ቀርጾ ለቀቀ። አንድ ቀልደኛ ከዚያ ዘፈን መግቢያውንና አዝማቹን፣ 50 ሰከንድ፣ እንዳለ ቆርጦ አስገባ። የቀረውን በዚያው ዜማ በራሱ ግጥምና በራሱ ድምፅ ዘፈነ። ስለ ባጃጅ ወረፋና ስለ ውሃ መጥፋት የሚቀልድ የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ነው። ዩቲዩብ ላይ ጫነው፣ ብርም አገኘበት። ዘፋኙ ከሰሰ። «በኢትዮጵያ ሕግ ከወጥነትና ከፌር ዲሊንግ አንጻር ተንትኑ» ይላል። እኔ «ዜማው የሕዝብ ስለሆነ ዘፈኑ ወጥ አይደለም፤ ቢሆን እንኳ ፓሮዲ ስለሆነ በፌር ዲሊንግ ይፈቀዳል» ብዬ ጨረስኩ። ከ20 ስድስት አገኘሁ። የቱ ጋ ነው የሳትኩት?

መልስ፦ እህቴ፣ ነጥብሽ የወረደው መደምደሚያሽ ስለተሳሳተ ብቻ አይመስለኝም። ወደ መደምደሚያው የሚያደርሰውን መንገድ ዘለልሽው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርሽ ላይ ዘፈኑን እንደ አንድ ዕቃ ቆጠርሽው። ሁለተኛው ላይ ደግሞ በእኛ አዋጅ ውስጥ በዚያ ስም የሌለ መከላከያ አነሣሽ። በየተራ እንሂድባቸው።

ከወጥነት እንጀምር። የምንሠራበት ሕግ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። አንቀጽ 6 ሁለት ነገር ይፈልጋል። ሥራው ወጥ ይሁን፤ ደግሞም ተጽፎ ወይም ተቀርጾ ወይም በሌላ መንገድ የሚጨበጥ መልክ ይያዝ። በቃ። ዘፈኑ ጥሩ ነው አይደለም ተብሎ አይመዘንም። ለምን ዓላማ እንደተሠራም አይጠየቅም። ምዝገባም ቅድመ ሁኔታ አይደለም። «አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ አላስመዘገበም» ብለው የሚጽፉ ተማሪዎች አሉ፣ ደንበኞችም እንደዚያው ይላሉ፣ ግን መብቱ የሚወለደው ሥራው ሲፈጠር ነው።

አዋጁ ወጥ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ፍቺ አይሰጥም። እዚህ ጋ ከውጭ ፍርዶች መበደር ተገቢ ነው፣ መበደርሽን እስከተናገርሽ ድረስ። በ1916 እ.ኤ.አ. አንድ የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ፊት የቀረበው ክርክር፣ ለአንቺ በሚገርም አጋጣሚ፣ ስለ ፈተና ወረቀት ነበር። ለለንደን ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጁ የሒሳብ ጥያቄዎች ወጥ ናቸው ወይ የሚል። የሒሳቡ ዕውቀት የማንም አይደለም፣ ጥያቄዎቹም ብዙ አዲስ ነገር የላቸውም። ፍርድ ቤቱ ግን ወጥ ናቸው አለ፤ ምክንያቱም ፈታኞቹ ራሳቸው አውጥተዋቸዋል፣ ከሌላ አልገለበጧቸውም። ስለዚህ የሚፈለገው «ከዚህ በፊት ታይቶ የማይታወቅ» መሆኑ አይደለም፤ ከሠሪው መፍለቁ ነው። በሌላው ጫፍ የአሜሪካው ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1991 እ.ኤ.አ. ስለ ስልክ ማውጫ የሰጠው ፍርድ አለ። ድካም ብቻውን አይበቃም፣ ትንሽም ቢሆን የፈጠራ ምርጫ መኖር አለበት ይላል። ለዚህ ዘፈን ግን ሁለቱም መለኪያዎች አንድ ቦታ ነው የሚያደርሱሽ።

አሁን ዘፈኑን በትኚው። ፈታኙ የሰርግ ዜማ የጨመረው አውቆ ነው፤ ዘፈን በውስጡ ብዙ ሥራ እንዳለው ታያለሽ ወይ ብሎ ሊፈትንሽ።

ዜማው የዘፋኙ አይደለም። ከእሱ አልፈለቀም፣ ሰምቶ ነው የወሰደው። በዚህ ልክ ትክክል ነሽ። ቀልደኛው በራሱ ድምፅ በዚያ ዜማ የዘፈነው ክፍል፣ ማለትም ከሦስት ደቂቃው አብዛኛው፣ ዜማውን በተመለከተ የዘፋኙን መብት አይነካም። ይህን ነጥብ ወደ መጨረሻው ድረስ ይዘሽው መሄድ ነበረብሽ፤ አንቺ ግን እዚሁ ጋ በሩን ዘጋሽው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዘፋኙ የድሮውን ዜማ እንዳለ ነው የተጠቀመው ወይስ ቀይሮታል? ለምሳሌ አንዱን ክፍል አራዝሞ፣ አዲስ መሸጋገሪያ ጨምሮበት ከሆነ፣ ያ የጨመረው ክፍል የእሱ ነው። ችሎት ላይ ይህ የሚታወቀው የቆየ ቅጂ ተፈልጎ፣ ዜማውን የሚያውቁ ሰዎች መስክረው፣ ሙዚቃ የሚያውቅ ባለሙያም ሁለቱን ጎን ለጎን አስደምጦ ነው። ፈተናው ላይ ያለሽ ማስረጃ ጥያቄው ራሱ ብቻ ነው። ስለዚህ «ዜማውን ሳይቀይር እንደወሰደ አድርጌ እቀጥላለሁ» ብለሽ አንድ መስመር ጻፊ። ነጥብ ያስገኛል።

ግጥሙ የዘፋኙ ነው፤ አዲስ ጽፎታል ተብሏል። ቀልደኛው ከግጥሙ የወሰደው አዝማቹን ብቻ ነው። የአዝማች ስንኝ አጭር ቢሆንም ሰው ዘፈኑን የሚያስታውስበት ክፍል ነው፤ ማጠሩ ብቻ ነፃ አያደርገውም። እርግጥ አዝማቹ ሰርግ ላይ ሁሉም የሚለው የተለመደ የምርቃት ቃል ብቻ ከሆነ ወጥነቱ ላይ መከራከር ይቻላል። ጥያቄው ግን ግጥሙ አዲስ ነው ስላለ ብዙ አትድከሚበት።

ቅንብሩም የእሱ ነው። መግቢያው፣ የመሣሪያው ምርጫ፣ ምቱ፣ በስንኝና በስንኝ መካከል የሚገባው ሙዚቃ የእሱ ምርጫዎች ናቸው። በነባር ሥራ ላይ የተመሠረተ ቅንብር በራሱ ጥበቃ ያገኛል፤ ነባሩን ዜማ ግን የግሉ አያደርገውም። ያ 50 ሰከንድ መግቢያውን ስለያዘ፣ ቅንብሩ ተወስዷል።

አብዛኛው ተማሪ የሚያልፈው ደግሞ ቀጥሎ ያለውን ነው፤ እኔ ፈታኝ ብሆን ትልቁን ነጥብ የምሰጠው እዚህ ላይ ነበር። ቅጂው። የድምፅ ቅጂው ለፕሮዲዩሰሩ ራሱን የቻለ ተዛማጅ መብት ይሰጣል፤ ድምፁን የሰጠው ሰው ደግሞ እንደ ከዋኝ የራሱ መብት አለው። እነዚህ መብቶች የዜማውን ወጥነት አይጠይቁም። ዜማው የሺህ ዓመት ቢሆን፣ ግጥሙም የሕዝብ ቢሆን፣ ያንን የስቱዲዮ ቅጂ ቆርጦ መጠቀም የቅጂውን ባለመብት ይነካል። በጥያቄው ላይ ዘፋኙ በራሱ ወጪ ስላስቀረጸ ከዋኝም ፕሮዲዩሰርም እሱ ነው። «ዜማው የሕዝብ ነው» የሚለው መልስሽ ለዚህ ክፍል ምንም አይመልስም።

አንድ ነገር ልጨምር። ወጥነት ሁለት ጊዜ ሊጠየቅ ይችላል። የቀልደኛው ቪዲዮስ? የራሱ ግጥም አለው፣ የራሱ ቀልድ አለው፣ የራሱ ምስል አለው። እሱ በጨመረው ልክ ወጥ ሥራ ነው፣ እኔ ብነጥቀው እኔንም ይከሰኛል። ግን የራሱ ሥራ ወጥ መሆኑ ከሌላ የወሰደውን አያጸዳለትም። «ቪዲዮው አዲስ ፈጠራ ስለሆነ ጥሰት የለም» የሚል ዓረፍተ ነገር ወረቀትሽ ላይ ካለ አሁኑኑ ሰርዢው።

አሁን ወደ ሁለተኛው እንሂድ።

ፌር ዲሊንግ የእንግሊዝ ሕግ ልጅ ነው። ባሕርዩ ይህ ነው፤ ሕጉ መጀመሪያ የተፈቀዱ ዓላማዎችን ይዘረዝራል፣ አጠቃቀምሽ ከእነዚያ አንዱ ውስጥ ካልገባ ስለ ተገቢነቱ ማውራት አይጀመርም። እንግሊዝ ውስጥ እንኳ ፓሮዲ ዝርዝሩ ውስጥ የገባው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ቀልደኛ ሌላ መውጫ መፈለግ ነበረበት። የአሜሪካው ፌር ዩዝ ደግሞ ሌላ ነው። ዓላማው ክፍት ሆኖ ፍርድ ቤቱ አራት መመዘኛዎችን ይመዝናል፤ የአጠቃቀሙን ዓላማና ባሕርይ፣ የተወሰደውን ሥራ ዓይነት፣ የተወሰደውን መጠን፣ በገበያው ላይ የሚያመጣውን ጉዳት። ተማሪዎች የአሜሪካን አራት መመዘኛዎች በእንግሊዝ ስም እየጠሩ በኢትዮጵያ ጉዳይ ላይ ሲጽፉ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ልፋቱ አለ፣ ሕጉ ግን የለም።

የእኛ አዋጅ ፌር ዩዝ የሚባል ክፍት በር የለውም። ከአንቀጽ 9 ጀምሮ የተዘረዘሩ ጠባብ ገደቦች ነው ያሉት፤ ለግል ጥቅም ማባዛት፣ መጥቀስ፣ ለማስተማር፣ ለቤተ መጻሕፍት፣ ለዜና መረጃ የመሳሰሉት። በአደረጃጀቱ ወደ ፌር ዲሊንግ ይቀርባል ማለት ትችያለሽ፤ ዝርዝሩ ውስጥ ግን ፓሮዲ የለም። ይህንን በግልጽ ጽፈሽ ካልጀመርሽ ቀሪው ትንታኔ መሠረት የለውም።

ታዲያ ቀልደኛው ምን ቀረው? የሚቀርበው አንቀጽ 10 ነው፣ ጥቅስ። ለሕዝብ ከቀረበ ሥራ መጥቀስን ባለመብቱ ሊከለክል አይችልም ይላል። መጠቀሱ ግን ከተገቢው ልማድ ጋር የሚሄድ፣ መጠኑም ከዓላማው የማያልፍ መሆን አለበት፤ ምንጩና በምንጩ ላይ ያለው የሠሪው ስም መጠቀስ አለበት። ልብ በይ፣ «ገንዘብ እስካላገኘ ድረስ» አይልም። ስለዚህ የዩቲዩቡ ብር ብቻውን ቀልደኛውን አይጥለውም። ተገቢነቱ ሲመዘን ግን ከሳሹ ያነሣዋል፣ ማንሣቱም ተገቢ ነው።

እያንዳንዱን በጉዳዩ ላይ አድርጊው። ዘፈኑ ተለቋል፣ ስለዚህ ለሕዝብ የቀረበ ነው። ስሙ ተጠቅሷል ወይ? ጥያቄው ዝም ብሏል። ዝም ካለ «ቪዲዮው ውስጥ ወይም ከሥሩ የዘፋኙንና የዘፈኑን ስም ካልጻፈ አንቀጽ 10 እዚሁ ያበቃል» በይ። ተግባር ላይ ብዙ ጉዳይ የሚወድቀው በዚህ ቀላል ነገር ነው።

መጠኑ ነው ዋናው ክርክር። 50 ሰከንድ ብዙ ነው ትንሽ ነው ለማለት መጀመሪያ ለምን እንደተወሰደ ማወቅ አለብሽ። ቀልዱ ዘፈኑ ላይ ቢሆን ኖሮ፣ ለምሳሌ ዘፋኙ የሰርግን ሕይወት ያሳመረበትን መንገድ የሚተች ቢሆን፣ ሰሚው የቱ ዘፈን እንደተተቸ እንዲያውቅ የተወሰነ መስማት ይኖርበታል። እዚህ ግን የሚቀለደው በባጃጅ ወረፋና በውሃ መጥፋት ነው። ዘፈኑ መሣሪያ እንጂ ዒላማ አይደለም። የአሜሪካው ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1994 እ.ኤ.አ. ይህንን ልዩነት ትልቅ ቦታ ሰጥቶታል፤ በሌላ ነገር ለመቀለድ የሰውን ሥራ የሚወስድ ሰው ለመውሰዱ የበለጠ ምክንያት ማቅረብ አለበት በሚል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2014 እ.ኤ.አ. ግን እንደዚያ አልገደበውም። ፓሮዲ ነባሩን ሥራ ማስታወስ፣ ከእሱ በግልጽ መለየትና ቀልድ ወይም ማሾፍ መያዝ ይበቃዋል፤ የግድ ነባሩ ሥራ ላይ መቀለድ የለበትም ብሏል። ሁለቱንም ጠቅሰሽ የእኛን ፍርድ ቤት እንደማያስሩ ተናገሪ።

የእኔ አስተያየት ይህ ነው። ሰሚው ዘፈኑን እንዲያስታውስ ሁለት የአዝማች ስንኝ፣ ጥቂት ሰከንድ፣ ይበቃል። መግቢያውን ሙሉ ማስገባት ሰውን ከማስታወስ አልፎ የቪዲዮውን ማጀቢያ በነፃ ማግኘት ነው። ስለዚህ አዝማቹ ላይ ቀልደኛው የሚከራከርበት አለው፤ መግቢያው ላይ ግን መጠኑ ከዓላማው አልፏል እላለሁ።

ከዚህ በላይ አንድ ጠባብ ነገር አለ፣ ይህን የሚጽፍ ተማሪ ጎልቶ ይወጣል። አንቀጽ 10 የሚያነሣው የማባዛት መብትን ነው። አንቀጽ 7 ደግሞ ለሠሪው ከማባዛት ሌላ፣ ሥራውን የመለወጥና ለሕዝብ የማቅረብ መብትም ይሰጠዋል። ቅንጫቢውን ሌላ ቪዲዮ ውስጥ ከትቶ ዩቲዩብ ላይ መጫን ከማባዛት አልፎ ለሕዝብ ማቅረብ ነው። ከሳሹ «ጥቅስ ማባዛትን ብቻ ነው የሚሸፍነው» ሊል ይችላል። ተከሳሹ ደግሞ ሰው የሚጠቅሰው ለሌሎች ሊያቀርብ ነው፣ ካልቀረበ ጥቅስ ትርጉም የለውም ይላል። በእኔ እምነት የተከሳሹ ክርክር ይሻላል፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 በሥነ ጥበብ መልክ ጭምር ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት ስለሚጠብቅ አንቀጽ 10ን ሰፋ አድርጎ ለማንበብ ምክንያት ይሰጣል። ነገር ግን ሕገ መንግሥቱን ብቻውን ይዘሽ አትሂጂ። ነፃነቱ የሰው ቅጂ በነፃ የመጠቀም ፈቃድ አይደለም፤ ስለ ባጃጁ መቀለድ ያለዚያ 50 ሰከንድም ይቻላል።

የሞራል መብትን ባጭሩ። አንቀጽ 8 ሠሪው ክብሩንና ስሙን የሚጎዳ ማዛባትን እንዲቃወም ያስችለዋል። ስለ ውሃ መጥፋት መቀለድ የዘፋኙን ክብር ይነካል ብዬ አላምንም። የተዘፈነው ጸያፍ ስድብ ቢሆን፣ ሰዉም ዘፋኙ ራሱ ያለው ቢመስለው፣ ሌላ ነገር ነበር።

ውጤቱን አቅልለሽ አትይው። በአንቀጽ 34 የሞራል ካሳ ከ100,000 ብር ሊያንስ አይችልም። አንቀጽ 36 ደግሞ ሆን ብሎ መብት የጣሰን ሰው በወንጀል፣ በእስራት ጭምር፣ ያስቀጣል። ለቀልደኛው የምትሟገቺ ከሆነ «አውቆ ነው የወሰደው፣ ግን ይፈቀድለታል» ብለሽ በቀላሉ አትጻፊ፤ የመጀመሪያዋ ግማሽ ዓረፍተ ነገር የወንጀል ክስ ላይ ልትመለስ ትችላለች።

እኔ ብሆን መልሱን በዚህ መልክ እጽፈው ነበር፦ «ዜማው ከዘፋኙ ስላልፈለቀ በአንቀጽ 6 ወጥ አይደለም፤ ቀልደኛው ራሱ የዘፈነው ክፍል በዚህ ረገድ ጥሰት የለበትም። ግጥሙና ቅንብሩ ግን ወጥ ናቸው፣ ቅጂውም በተዛማጅ መብት ይጠበቃል፤ 50 ሰከንዱ ሦስቱንም ወስዷል። አዋጁ ለፓሮዲ የተለየ ገደብ የለውም። አንቀጽ 10 የሚሠራው ስም ከተጠቀሰና መጠኑ ከዓላማው ካላለፈ ነው። ለአዝማቹ አሳማኝ ክርክር አለ፣ ለመግቢያው የለም። ስለዚህ ተከሳሹ በመግቢያው ቅንብርና በቅጂው ረገድ ኃላፊ ነው።» ይህ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም።

ቀልደኛው ቢሮዬ መጥቶ ቢሆን ኖሮ ደግሞ የምነግረው አጭር ነው። ቪዲዮውን አውርድ፣ ያንን 50 ሰከንድ አውጣ፣ የድሮውን የሰርግ ዜማ በራስህ ኪቦርድ ተጫዋች በሌላ ቅንብር አስጫውት፣ አዝማቹንም በራስህ ስንኝ ተካ። እንዲህ ተደርጎ የሚጫነው ቪዲዮ ከሕዝቡ ዜማና ከራሱ ቀልድ በቀር ምንም አይዘውም፣ ዘፋኙም በአዲሱ ቪዲዮ ላይ የሚከስበት አያገኝም። ያለፈው ቪዲዮ ግን እስከወረደበት ቀን ድረስ ያስጠይቀዋል።